የጎረቤታችሁን ስም ብትለጥፉበትስ?

ውድ ወጣቶች፣

ገላን አካባቢ ቡና አበጥረው ወደ ውጭ የሚልኩ ትንንሽ ድርጅቶችን ሳማክር ኖሬያለሁ። አዲስ አገር ሊገቡ ሲሉ ፖዚሽኒንግ ስቴትመንት፣ ማለትም ገዢው ከሌላው ለይቶ ለምን እንደሚመርጣቸው የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ ጻፉ እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሚያመጡልኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ከቡና መገኛ ከኢትዮጵያ ጥራቱን የጠበቀ ቡና እናቀርባለን።» ውሸት የለበትም። ግን የጎረቤት መጋዘን ስም ብትለጥፉበትም ያው እውነት ነው። ታዲያ ገዢው ለምን እናንተን ይምረጥ?

ጽሑፉ ማስታወቂያ አይደለም፣ የምትመሩበት ነው። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደቸገረው፣ አሁን ከማን እንደሚገዛና እናንተን በምን እንደሚያምን ይናገራል።

የጉጂ የታጠበ ቡና ይዛ ደቡብ ኮሪያ ልትገባ የምታስብ ወጣት ላኪ እንውሰድ። «የኮሪያ ገበያ» ገዢ አይደለም። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ገደማ ጆንያዎች ይጭናል። ሴኡል ውስጥ ያለ ትንሽ ቡና ቆይ ይህን ሁሉ አይችለውም። ስለዚህ ገዢዋ ለትንንሽ ቆዪዎች የሚያከፋፍል አስመጪ ነው። እሱ ደግሞ ደንበኞቹ የተለያየ ጣዕም ይፈልጉበታል፣ ከትልቅ ላኪ ሲገዛ ግን ኮንቴነሩ በአንድ ሎት፣ ማለትም አንድ ላይ ተዘጋጅቶ አንድ ዓይነት ጣዕም ባለው ቡና፣ ይሞላል። ሌላም ስጋት አለበት፦ የቀመሰው ናሙናና የደረሰው ቡና አንድ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ትጻፍ፦ «ሴኡል ውስጥ ለትንንሽ ቡና ቆዪዎች ለሚያከፋፍሉ አስመጪዎች፣ በአንድ ኮንቴነር ስምንት የተለያዩ የጉጂ የታጠበ ቡና ሎቶችን፣ እያንዳንዱን 40 ጆንያ አድርገን እናቀርባለን። ኮንቴነሩን በአንድ ሎት ከሚሞሉ ላኪዎች በተለየ፣ ሎቶቻችን አይቀላቀሉም። ከመጫናችን በፊት ከእያንዳንዱ የተበጠረ ሎት ናሙና ወስደን እንልካለን።»

ከባዱ የመጨረሻው ክፍል ነው። ማበጠሪያ ማሽኑ ውስጥ የቀረ ቡና ወደሚቀጥለው ሎት ይገባል። ስለዚህ በየሎቱ መካከል ማሽኑን ባዶ አድርጎ ማጽዳት ግድ ነው፣ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ደግሞ በማበጠርና በለቀማ ክብደት ይቀንሳል። 40 ጆንያ የተባለው 37 ሲሆን እጅ ወደ ሌላ ሎት ይዘረጋል። ያኔ ናሙናው የጭነቱ ናሙና መሆኑ ቀረ፤ አስመጪውም ሲቀምሰው ያውቀዋል። የጎደለውን ጎደለ ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉለት፣ ወይም ከመነሻው ትርፍ ቡና ግዙ። ናሙናም ሳይበጠር ከመጣው ቡና አትውሰዱ፤ ተበጥሮ ጆንያ ከገባው ይሁን።

ለአስመጪው ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ለመጋዘን ኃላፊያችሁ አንብቡለት። በአንድ ጭነት ስምንት ጊዜ ማሽን ማጽዳት አንችልም ካላችሁ ስሙት። አራት ሎት በሉና እያንዳንዱን 80 ጆንያ አድርጉት።