ባክአፑም ታሞ ከሆነስ?

«ሐይቁ ዳር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ከጉግል ፈልገው ዌብሳይታችንን የሚከፍቱ ሰዎች “የቁማር ገጽ መጣብን” እያሉ ይደውላሉ። እኔ ቢሮ ባለው ላፕቶፕ ስከፍተው ግን ምንም የለውም። የሠራልን ልጅ ከባክአፕ ሁለቴ መለሰው፤ ሁለቴም በአሥር ቀን ውስጥ ተመልሶ መጣ። ጥምቀት ሳይደርስ ምን ላድርግ?» ከባህር ዳር

የደወሉልዎትን ሰዎች ይመኑ። ሳይታችሁ ውስጥ ጠላፊ ያስገባው ኮድ አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ኮድ ሰው ይመርጣል። ከጉግል የመጣ ነው? በስልክ ነው የከፈተው? በአስተዳዳሪ አካውንት የገባ ሰው ነው? የቢሮዎ ላፕቶፕ አስተዳዳሪ ሆኖ ስለሚገባ ደህናውን ገጽ ያሳይዎታል። ጠላፊዎቹ ባለቤቱ እስኪነቃ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በዚህ ነው። ራስዎ ማየት ከፈለጉ በስልክዎ ኢንኮግኒቶ ከፍተው የማረፊያውን ስም ጉግል ላይ ይፈልጉና ውጤቱን ይጫኑ። አድራሻውን በቀጥታ አይጻፉ። አንዳንዱ ኮድ ለአንድ ስልክ አንዴ ብቻ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ስልክም ይሞክሩ።

አሁን ወደ ባክአፑ እንምጣ። ሳይታችሁ ዎርድፕረስ ይመስለኛል። ልጁ የተጠቀመው ነጻውን የባክአፕ ፕለጊን UpdraftPlus ከሆነ፣ ብዙዎቻችንም የምንጠቀመው እሱን ነው፣ ችግሩ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው የቀን ጉዳይ ነው። ይህ ፕለጊን ካልቀየሩት በስተቀር የሚያስቀምጠው 2 ቅጂ ብቻ ነው። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ይሰርዛል። ባክአፑ በየሳምንቱ፣ ኅዳር 1፣ 8፣ 15 እና 22 ተነሳ እንበል። ኮዱ የገባው ኅዳር 5፣ እናንተ የሰማችሁት ኅዳር 25 ነው። ያን ቀን በእጃችሁ ያሉት የ15 እና የ22 ቅጂዎች ናቸው። ሁለቱም የታመሙ። ንጹሑ የኅዳር 1 ቅጂ ኅዳር 15 ላይ ተሰርዟል። ልጁ ባክአፕ መለስኩ ሲል እውነቱን ነው፤ የመለሰው ግን ቫይረሱንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ይህ ነጻ ፕለጊን ዳታቤዙን፣ ፕለጊኖቹን፣ ቴሙን እና የተጫኑትን ፎቶዎች ይወስዳል። የዎርድፕረስን ዋና ፋይሎች ግን አይወስድም። `wp-includes` ውስጥ የተደበቀ በር ካለ፣ ወይም `wp-config.php` ላይ አንድ መስመር ከተጨመረ፣ አሥር ጊዜ ቢመልሱትም ያው እዚያው ነው። የፊት በር ቆልፎ የጓሮውን መርሳት ማለት ነው።

ስለዚህ መመለሱን ትተው ከሥር ያድሱት። መጀመሪያ የአሁኑን፣ የታመመውንም ቢሆን፣ ሙሉ ፋይሉንና ዳታቤዙን ወደ ኮምፒውተርዎ አውርዱት። ክፍያና ቦታ ማስያዣ እዚያ ውስጥ አለ። «የታመመ» ብለው ስም ይስጡት፣ እንዳይምታታ። ከዚያ የሚከተሉት ሦስት ትእዛዞች ናቸው። ሆስቲንጋችሁ ተርሚናል ካለውና ዎርድፕረስን ከትእዛዝ መስመር የሚያስተዳድረው `wp` ከተጫነበት ይሠራሉ፤ ከሌለው ልጁ በፋይል ማኔጀር በዓይን ያያል።

```
wp core verify-checksums
wp plugin verify-checksums --all
find wp-content/uploads -name "*.php"
```

የመጀመሪያው ዋና ፋይሎቹ ከኦሪጅናሉ ጋር እንደሚስማሙ ያያል። ሁለተኛው ለፕለጊኖች ያንኑ ይሠራል፤ ከዎርድፕረስ ማከማቻ ያልወረዱትን ግን ማጣራት አይችልም። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። `uploads` የፎቶ ማህደር ነው። የሐይቁ ፎቶ መካከል የፒኤችፒ ፋይል ምን ይሠራል? አንዳንድ ፕለጊኖች ባዶ የሆነ `index.php` ያስቀምጣሉ፣ እሱ ምንም አይደለም። ውስጡ ረጅም የተዘበራረቀ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያለበት ግን እንግዳ ነው፤ ይሰርዙት።

ከዚያ `wp-admin` እና `wp-includes` ሙሉ በሙሉ ይሰረዙና ከዎርድፕረስ ድረ ገጽ በወረደ አዲስ ይተኩ። ፕለጊኖቹንና ቴሙን አንድ በአንድ ሰርዞ ከምንጫቸው እንደገና መጫን ነው። ፎቶዎቹ፣ ዳታቤዙና `wp-config.php` ይቀራሉ፤ `wp-config.php`ን ግን ልጁ በዓይኑ ያንብበውና የተጨመረ መስመር ካለ ይሰርዘው። አስተዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ የማያውቁት ስም ካለ ይሰርዙት። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ይቀይሩ፤ የዳታቤዙን፣ የሆስቲንጉንና የኢሜይሉንም ጨምሮ። በመጨረሻም ይህን ያስኪዱ፤ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ካለ ያስወጣዋል።

```
wp config shuffle-salts
```

ልጁን በደግነት አንድ ነገር ይጠይቁት። ቴሙን ወይም የቦታ ማስያዣ ፕለጊኑን የከፈለበት ነው ወይስ «ክራክድ» አውርዶ ነው? በእጄ ከገቡት እንዲህ ዓይነት ጥገናዎች ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። በሩ አብሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማጽዳት ብቻውን አይበቃም፣ መግዛት ወይም መተው ነው።

ሳይቱ ሲጸዳ የሚቀረው ትንሽ ልማድ ነው። የሚቀመጠውን ቅጂ ከ2 ወደ 8 ያሳድጉት። ባክአፑ በየሳምንቱ ከተነሳ የሁለት ወር ገደማ ታሪክ ይኖራችኋል። ማታ መብራት ሲሄድና ኔት ሲቆራረጥ ሁሉን ማውረድ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ስለዚህ ይከፋፍሉት። ዳታቤዙ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ በየሳምንቱ ያውርዱት። ፎቶዎቹ ከባድ ናቸው፣ በወር አንዴ ይበቃል። ካወረዱ በኋላ ዚፑን ይክፈቱት። መብራት ሄዶ የተቋረጠ ፋይል ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲከፍቱት ግን አይከፈትም። በተጨማሪ ልጁ በሦስት ወር አንዴ በሳብዶሜን ላይ መልሶ ያሳይዎት። መልሰው ያላዩት ባክአፕ መኖሩን ማን ያውቃል?

ቅጂውም ከሳይቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በዚህ ተቃጥያለሁ። ለአንድ የጀልባ ሥራ የሠራሁት ሳይት ተጠልፎ ሆስቲንጉ አካውንቱን ዘጋብን። ባክአፖቼ ሁሉ እዚያው አካውንት ውስጥ ነበሩ። ገጹን ከስልኬ ፎቶዎች እና ከደንበኛው ብሮሸር ላይ ነው መልሼ የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሃርድ ዲስክ አለኝ፤ ባክአፕ ስገለብጥ ብቻ እሰካዋለሁ።

አፕዴት ባክአፕ ከወረደ በኋላ ይሁን፣ በዚያው ቀን። የዎርድፕረስ ትንንሾቹ የደህንነት አፕዴቶች ከ2013 ጀምሮ ራሳቸው ይገባሉ። ፕለጊኖቹ ግን አይገቡም፤ ከ2020 ወዲህ በየፕለጊኑ አጠገብ ራስ ሰር አፕዴት ማብሪያ አለ፣ ያብሩት። የቦታ ማስያዣውን ብቻ በእጅ ያድርጉት፤ ከተበላሸ ገንዘብ ነው። የማይጠቀሙበትን ፕለጊን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ይሰርዙት። የጠፋ ፕለጊንም ፋይሉ እዚያው አለ፣ በሩም እዚያው ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው በአሥረኛው ቀን ቁማሩ እንደገና ብቅ ካለ፣ አካውንቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይፈልጉ። አሮጌ ሙከራ፣ «test» የሚል ማህደር፣ ወይም ልጁ ሲመልስ የቀረው `plugins-old`። አንዱ ሳይት ሲታመም በዚያው አካውንት ያለውንም ይበክላል።