ቱምስ ወስዶ ለመተኛት ለሚፈልገው ባለቤትሽ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴን ከማታ ጀምሮ ደረቱን ያቃጥለዋል። ትናንት ዕቃ ሲያነሳ ነው የዋለው። ጨጓራ ነው፣ ቱምስ ወስጄ ልተኛ ይላል። ልብ እንዳይሆን በምን ልለየው? 911 ብደውል ደግሞ የሚመጣውን ቢል ፈራሁ። ያለነው ቨርጂኒያ ነው።»

እህቴ፣ አሁንም እያመመው ከሆነ ይህን አትጨርሺው፣ መጀመሪያ ደውዪ። ለቀቅ ካደረገውም ዛሬውኑ ይታይ።

1. ጡንቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ ጣቱ «እዚህ ጋ» ብሎ ያሳይሻል። ስትጫኚው ያመዋል፣ ክንዱን ሲያነሳ ይብስበታል። ልብ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ መዳፉን ዘርግቶ ደረቱን በሙሉ ነው የሚይዘው። ይጨንቀዋል፣ ይከብደዋል። ደረጃ ሲወጣ ሊብስበት፣ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበው ዕቃ አንስቶ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

2. ቃር ከምግብ በኋላና ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ አፍ ውስጥም ይጎመዝዛል። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ታላቅ ወንድሜን የጀመረው ከእምብርቱ በላይ ማቃጠል ነበር። ክትፎ በልቶ ስለነበር ሁላችንም ጨጓራ አልን። ቱምስ ወሰደ፣ ትንሽ ቀለል አለው። ቱምስ ቀለል አደረገው ማለት ግን ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም! ወንድሜ ስኳር አለበት። ስኳር ያለበት ሰው ላይ፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ላይም፣ ደረት ሳያም ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

3. ኧርጀንት ኬር እንዳትሄዱ። ወንድሜ ላብ እያጠመቀው ራሱ ነድቶ ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ኢንሹራንስ ካርድ» አለችው፤ ከዚያ ፎርም፣ ከዚያ ቁጭ በል። እስካሁን ያንገበግበኛል። በኋላ ነርሷ የልቡን ኢሲጂ አነሳችውና 911 የደወሉት ራሳቸው ሆኑ! የተዘጋ የልብ ደም ሥር እዚያ አይከፈትም። አምቡላንሱ ውስጥ ግን መንገድ ላይ ኢሲጂ አንስተው ለሆስፒታሉ ላኩት፣ ሲደርስ ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው ነበር። ደም ሥሩን ክፍት የሚያደርግ ስቴንት ገባለት።

ስለዚህ ስትደውዪ አድራሻሽን ንገሪ፣ «ቼስት ፔይን» በይ። እንግሊዝኛ ካስቸገረሽ «አምሃሪክ» በይ፣ አስተርጓሚ በስልክ ያስገቡልሻል። ስልኩን አትዝጊ፣ በሩን ክፈቺ። አስፕሪን ስጪው ሊሉሽ ይችላሉ፤ አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ካለበት ንገሪያቸው። ካሉሽ አኝኮ ይዋጠው እንጂ ሳያኝክ እንዳይውጠው።

ቢሉ ይመጣል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ኢመርጀንሲ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምር ሊመልስ በሕግ አይችልም። ብዙ ሆስፒታሎችም የክፍያ ድጋፍ ፎርም አላቸው። የወንድሜን ሞልቼ ያስቀነስኩት እኔ ነኝ፣ ሲደርስ ጻፊልኝ።

4. የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ቢሏችሁ ባለቤትሽ «አላልኩሽም?» ብሎ መነሳቱ አይቀርም። ኢሲጂ የማያሳየው የልብ ጉዳት አለ። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ሕመሙ ገና ከጀመረ መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ስለሚችል ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ሁለተኛው ውጤት ሳይመጣ ጃኬቱን እንዳትሰጪው።