ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ወለል፦ ስለ ውቅር ሕንፃ የጠየቃችሁን

«ላሊበላ ላይ አስጎብኚያችን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው አለን። ከጎን ቦርቡሮ መግባት አይቀልም ነበር?»

የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቀጥ ያለ ገደል ባለበት ከጎን መግባት ይቀላል፤ የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት በአሸዋ ድንጋይ ገደል ውስጥ የተሠሩት እንዲያ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ያለበት ግን ተዳፋት ዓለት ነው። ከአራቱም ጎን የሚታይ ሕንፃ ከተፈለገ ዙሪያውን ቆፍሮ መሐሉን ከማስቀረት ሌላ መንገድ የለም።

ከላይ መጀመሩ ሥራውን ያቀላል። ጠራቢው የሚቆመው ገና ባልተነካው ዓለት ላይ ስለሆነ መወጣጫ እንጨት አያስፈልገውም። ጣሪያው ላይ ያሉት ተደራራቢ መስቀሎች በሚቀረጹበት ጊዜ ጣሪያው ራሱ መሬት ነበር። ዙሪያው ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር የግድግዳው ጌጥና መስኮቱ እየተጠናቀቀ ይወርዳል። ከውስጥም ያው ነው፦ በመስኮት ወይም በበር ከፍታ ይገባና መጀመሪያ ኮርኒሱ፣ ቀጥሎ ቅስቱ፣ ከዚያ ምሰሶው ይወጣል፤ ወለሉ የመጨረሻው ነው። ከታች ቢጀመር ፍርስራሹ በሠራተኛው ራስ ላይ ይወርዳል፤ የተጠናቀቀውን ሥራም ከላይ የሚወድቅ ድንጋይ ይሸርፈዋል።

ችግሩ አንድ ነው፤ የተቆረጠ አይመለስም። ግንብ ሠሪ የተጣመመ መደዳ አፍርሶ ይደግማል፤ ፈልፋይ ምሰሶ ካቀጠነ ግን ቀጠነ ነው። ጥሩ ጠራቢ መጀመሪያ በድጅኖና በዶማ ጥቂት ትርፍ አስቀርቶ የሚያወርደው፣ መሮ የሚያነሳው ደግሞ መስመሩን ደግሞ ከለካ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው።

«ስንት ድንጋይ ወጣ? በሰው እጅ ይቻላል ወይ የሚል ክርክር ገጥሞኛል።»

በግምት እናስላው። ጉድጓዱ በየጎኑ 22 ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ ወደ 5,800 ሜትር ኩብ ይሰጣል። የመስቀል ቅርጽ ያለው ሕንፃ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ ያረፈ ነው ብንል 1,200 ሜትር ኩብ ያህሉ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከዙሪያው ብቻ 4,600 ሜትር ኩብ ገደማ ወጥቷል፤ የውስጡ ከዚህ በላይ ነው። አንድ ሰው በቀን ሩብ ሜትር ኩብ ብቻ ፈልፍሎ ያወጣል ብለን ብናስብ፣ 18,400 የሰው ቀን ይፈልጋል። 60 ሰው ቢሰማራ ከአንድ ዓመት ያነሰ የሥራ ቀን ነው። በዓላትን፣ ክረምቱንና ጥንቃቄ የሚጠይቀውን የጌጥ ሥራ ጨምሩበት፤ ጥቂት ዓመታት ይሆናል። ተአምር ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ አምድ እንተወው፤ የሰው ጉልበት ግን ይበቃል።

«ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሕንፃ በክረምት ለምን አይጥለቀለቅም?»

ፍሳሹ አስቀድሞ ስለታሰበ ነው፤ ካልታሰበማ ይጥለቀለቃል። 22 በ22 ሜትር የሆነ ጉድጓድ አፉ 484 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 14,500 ሊትር ውኃ በቀጥታ ይገባል፤ ከላይ ካለው ተዳፋት የሚመጣው ጎርፍ ሳይቆጠር ማለት ነው።

መፍትሔው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ የሚቆፈረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው፤ ከተዳፋቱ የሚወርደው ገና ሳይገባ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለተኛው ጣሪያው ነው፤ ለዓይን ጠፍጣፋ ቢመስልም ውኃውን የሚገፋ ጥቂት ዘንበል ማለትና ከግድግዳው አሳልፎ የሚተፋ አሸንዳ ያስፈልገዋል። አሸንዳው ከተሰበረ ውኃው ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል፤ ጠቆር ያለ ቀጥ ያለ ሰንበር ካያችሁ ከላዩ ያለውን አሸንዳ ፈትሹ። ሦስተኛውና የሚረሳው መውጫው ነው። የመውጫ ቦዩ ከግቢው ወለል ዝቅ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ መዝለቅ አለበት፤ ስለዚህ ከወለሉ በፊት መታሰብ አለበት። ወለሉን ጨርሶ «ውኃው በየት ይውጣ?» ማለት ጉድጓዱን ኩሬ ማድረግ ነው። በደለል የተደፈነ ቦይም ከሌለ አይሻልም። ስለዚህ ቦዮቹ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ።

«የምናገለግልበት ውቅር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ተሰነጠቀ። በሲሚንቶ ብንደፍነው ምን ይላችኋል?»

እባካችሁ ተዉት። ሲሚንቶ ከዚህ ዓይነቱ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራ ነው፣ ውኃም አያስተነፍስም። በሌላ በኩል የገባው ርጥበት መውጫ ሲያጣ ከሲሚንቶው ጠርዝ ሥር ይቋጥርና ዓለቱን ይፈረካክሰዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው ከነድንጋዩ ተገንጥሎ ይወርዳል። ላሊበላ ላይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅና ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያን ማንሳቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ሆነባቸው።

መጀመሪያ ስንጥቁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እወቁ። በስንጥቁ ላይ አቋርጦ የጣት ያህል ስስ የጄሶ ምልክት ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ሕያው ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳትከታተሉ አትፍረዱ፤ ድንጋዩ ውስጥ ርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ ሸክላ ካለ ስንጥቁ በዝናብ ወቅትና በደረቅ ወቅት ልዩ ባሕርይ ያሳያል። ቀጥሎ ቀለሙን ተመልከቱ፦ ውስጡ የጠቆረና ሽበት ያበቀለ ስንጥቅ የቆየ ነው፤ ነጣ ያለ ንጹሕ ስብራትና ከሥሩ ወለል ላይ ትኩስ ዱቄት ካለ ግን ሰው አርቁ።

የስንጥቁ ቦታም ይናገራል። ድንጋይ ጫናን ይችላል፣ መሳብን ግን አይችልም። በሁለት ምሰሶ መካከል፣ ልክ በኮርኒሱ መሐል ሆዱ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ጣሪያው እየጎበጠ መሆኑን ይጠቁማል፤ አስጊው እሱ ነው። ምሰሶ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅም ጫናው ከአቅሙ ማለፉን ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ካያችሁ በወፍራም እንጨት ደግፉና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። የስንጥቁ መደፈኛ የሚመረጠው የድንጋዩ ዓይነት ታውቆ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከድንጋዩ የላላ የኖራ ቅልቅል ይመረጣል።

«ታዲያ መጠለያ ጣሪያ ቢሠራበትስ?»

ዝናቡን ያስቀራል። ላሊበላ ላይ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ግዙፍ መጠለያዎች ቆመዋል፤ ሲታሰቡ ጊዜያዊ ነበሩ። የብረት ምሰሶ ግን ክብደት አለው፣ ነፋስም ይይዛል፤ እግሩ የሚያርፈው ደግሞ ከጥንታዊው ዓለት አጠገብ ነው። በትንሽ ቤተ ክርስቲያን ላይ ከማሰባችሁ በፊት አሸንዳውንና ቦዩን አስተካክሉ።

«በቦታዬ ላይ የዓለት ጓዳ ልፈልፍል አስቤአለሁ። ድንጋዩ እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?»

በመዶሻ ያንኳኩ፦ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው፣ ድፍን ባዶ ድምፅ ከሥሩ ተላቋል ማለት ነው። አንድ ጉማጅ ድንጋይ ወስደው ውኃ ውስጥ ያሳድሩ፤ ጠዋት በጣት የሚፈርስ ከሆነ ይተዉት። ዓለቱ ላይ ያሉትን የተፈጥሮ ስንጥቆች በኖራ ምልክት ያድርጉባቸው። ሁለት ስንጥቆች ወደ ላይ እየተጠጉ የሚገናኙበት ቦታ ከተቻለ አይክፈቱ፤ ከመሐላቸው ያለው ክፍል እንደ ሽብልቅ ሾልኮ የሚወርድ ድንጋይ ነው። ሰፊ ክፍል ካማረዎት ጠበብ ብለው ይጀምሩ። ማስፋት ምንጊዜም ይቻላል።