ሱፉን ሰማያዊ ከማድረጋችሁ በፊት

የቤተሰብ ፎቶ ለማደስ ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጣችሁ ልጆቼ፤

ጭረት ማጥፋቱንና የተቀደደ ጠርዝ መሙላቱን እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ፤ ስለሱ አልመክራችሁም። የምጽፍላችሁ ስለ ቀለም ነው፤ ለዚያውም ስለ አንድ ሱፍ ቀለም።

አንድ ወጣት አያቱን ይዞ ደብረ ብርሃን ወዳለው ፎቶ ቤቴ መጣ። እማማ የመንዝ ሰው ናቸው። ልጁ እሳቸውና ሟች ባላቸው በ1960ዎቹ የተነሱትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሌላ ቦታ አሳድሶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ በፍሬም አድርጎ ለበዓል ሰጥቷቸዋል። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ፎቶውን ሳሙት። ከዚያ ትኩር ብለው አዩና "እሱስ ራሱ ነው፤ ኮቱ ግን የማን ነው?" አሉ። ኮቱ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ልጁ "እማዬ፣ ያምራል እኮ" ቢላቸው "ላማረበት ይመርለት፤ እኔ ያንን ኮት ስቦርሽ የኖርኩ ነኝ" ብለው መለሱለት።

ሰማያዊ ያደረገው ባለሙያ ክፉ አስቦ አይደለም። ሱፍ ሲባል የሚታየው ሰማያዊ ነው መሰለኝ። ግን ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚይዘው የብርሃኑን መጠን እንጂ የቀለሙን ዓይነት አይደለም። ቡናማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጨርቅ ፊልሙ ላይ እኩል ብርሃን ካሳረፉ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ፎቶውን የቱንም ያህል ብታጎሉት ቀለሙ እዚያ ውስጥ የለም። ካለም ያለው ከፎቶው ውጭ ነው።

ስለዚህ እማማን "ከኮቱ የተረፈ ነገር አለ?" አልኳቸው። ኮቱ ሲያረጅ ለልጃቸው ሱሪ ተቀዶለት ነበር፤ እራፊው ሳጥናቸው ውስጥ አለ። በሌላ ቀን ይዘውት መጡ። መዳፍ የምታህል ቡናማ ጨርቅ ናት፤ ግን በአንድ ፊቷ ገርጥታ ወደ አፈር መልክ ሄዳለች፣ በሌላው ፊቷ የተቆላ ቡና ትመስላለች። ታዲያ ፎቶው የተነሳ ቀን ወደ ውጭ የነበረው የትኛው ፊት ነው?

እማማ አላስታወሱም። መልሱን የሰጠን የደረት ኪሱ ነው። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ በኩል ነው የሚሰፋው፤ በዚህ ፎቶ ላይ ግን በቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ቶሎ ብላችሁ ፎቶውን እንዳታገላብጡት። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ወይ ሲታተም ፊልሙ ተገልብጧል፣ ወይ ኮቱ ራሱ ተገልብጧል። እማማን "ባለቤትዎ የሚለዩበት ምልክት ነበራቸው?" ስላቸው "የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው" አሉ። ጠባሳው ፎቶው ላይ በግራ ቅንድባቸው ነው ያለው። ስለዚህ ፎቶው ልክ ነው፤ የተገለበጠው ኮቱ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። "አዎ! ሰፊ ቤት አስገልብጦት ነበር፤ አዲስ መስሎ ነው ፎቶ የተነሳው።" እናንተ አልደረሳችሁበትም እንጂ በዚያ ዘመን ሱፍ ውድ ስለነበር ውጩ ሲገረጣ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ፈትቶ፣ ያልተነካውን የውስጥ ፊት ወደ ውጭ አድርጎ እንደገና ይሰፋው ነበር። ግራው ቀኝ ስለሚሆን ኪሱም አብሮ ይዞራል።

እንግዲህ የምንፈልገው ጠቆር ያለው ፊት ነው። እሱም ከተገለበጠ በኋላ ፀሐይ ስላገኘው፣ ቀለሙን የወሰድኩት ስፌት ውስጥ ተደብቆ ከቀረው ጠርዝ ነው። እራፊዋን በመስኮት ብርሃን አየኋት እንጂ በአምፖል አላየኋትም፤ አምፖል ቡናማን ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ከዚያ ሥራው ቀላል ነው። በቀለም የተነካካውን ፋይል ትቼ ዋናውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ እንደገና ስካን አደረግሁና ስካኑን ሳልነካው ለብቻው አስቀመጥኩት። በቅጂው ላይ ቡናማውን በተለየ ሌየር፣ ብሌንድ ሞዱን Color አድርጌ ቀባሁት። እንዲህ ሲሆን የጨርቁ እጥፋትና ጥላ ከፎቶው እንደነበረ ይቆያል፤ ቀለሙ ብቻ ይጨመራል። ነገ ሌላ ሰው "አይደለም" ቢል ሌየሩን ማጥፋት ነው።

እማማ አዲሱን ሲያዩ "ይሄ ነው" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የነጠላቸው ጥለት ግን ቀረ። የምን ቀለም እንደነበር ብጠይቃቸው "ብዙ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ልጄ፤ ይሄኛውን እንጃ" አሉኝ። ጥለቱን ግራጫ ተውኩት። ልጁ "ጅምር አስመሰልከው፣ ጋሼ፤ ቀይ ብታደርገው ማን ያውቃል?" ብሎ ተከራከረኝ። ሰማያዊውም ኮት የመጣው በዚሁ ሐሳብ ነው አልኩት። በፍሬሙ ጀርባ "የኮቱ ቀለም ከእራፊው የተወሰደ፤ የጥለቱ አልታወቀም" ብዬ ጽፌ ሰጠሁት።