ዓመታዊ ኢንሹራንስ ከፍላችሁ ሒሳቡ ላይ የተቸገራችሁ፣ ጠይቁኝ

የጭነት መኪና ያላቸው ድርጅቶችን ሒሳብ ስይዝ ኖሬያለሁ። ሰኔ 30 በደረሰ ቁጥር የሚያጋጥመኝ ተመሳሳይ ችግር አለ። የመኪና ኢንሹራንስ በአንዴ ይከፈላል፣ ከዚያ ሌጀሩ ላይ ይረሳል። ያላችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

የአይሱዙ ባለቤት፦ *72,000 ብር ከባንኬ ወጥቷል። አካውንታንቴ ግን «ገና ወጪ አይደለም» ይለኛል። ገንዘቡ የት ሄደ ታዲያ?*

አካውንታንትዎ ልክ ነው ጋሼ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ በምትኩ የገዙት ሽፋን ግን ገና አላለቀም። የከፈሉት ለአሥራ ሁለት ወር ነው። ከፍለው በማግስቱ ኢንሹራንሱ የአንድ ዓመት ያህል አገልግሎት አለበት ለእርስዎ፣ ያ ደግሞ የድርጅትዎ ንብረት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የተከፈለ ተብሎ ከንብረት ጋር ይቀመጣል።

ውሉ የካቲት 1 ቀን 2017 ጀመረ እንበል። በወር 6,000 ብር ይደርሳል። ከየካቲት እስከ ሰኔ አምስት ወር ነው፣ 30,000 ብሩ የዘንድሮ ወጪ ይሆናል። ቀሪው 42,000 ከሐምሌ ጀምሮ ላለው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይሻገራል። 72,000ውን ሙሉ ዘንድሮ ላይ ቢጭኑት የዘንድሮ ትርፍዎ ያለ አግባብ ይቀንሳል፣ የከርሞው ደግሞ ያለ አግባብ ያብጣል፣ መኪናው በእርግጥ ስንት እያስወጣዎት እንደሆነም ከሒሳቡ ማየት አይችሉም።

ሥራ የጀመረች አካውንታንት፦ *መጀመሪያ ስከፍል እና በየወሩ የምመዘግበው ምን ምን ነው? ፈርቼ ነው የምጠይቀው።*

አትፍሪ እህቴ፣ ሁለት ምዝገባ ብቻ ነው። የከፈልሽ ቀን በቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስን 72,000 ዴቢት፣ ባንክን ክሬዲት። ከዚያ በየወሩ መጨረሻ የኢንሹራንስ ወጪን 6,000 ዴቢት፣ በቅድሚያ የተከፈለውን 6,000 ክሬዲት። አንድ ነገር ልብ በይ፤ መቁጠር የምትጀምሪው ከተከፈለበት ቀን ሳይሆን ሽፋኑ ከጀመረበት ቀን ነው። ግንቦት ላይ ተከፍሎ ሽፋኑ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሰኔ 30 ላይ ሙሉው 72,000 እንዳለ ይቀመጣል፣ አንድ ብር አይነካም። ቀኑን ከደረሰኙ አትውሰጂ፣ ፖሊሲው ላይ ከተጻፈው ውሰጂ።

ሌላ ተሳታፊ፦ *ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? እኛ ሲከፈል በቀጥታ ወጪ እንላለን፣ ሰኔ ላይ ያልደረሰውን እንመልሳለን። ያው ነው።*

ሰኔ 30 ላይ ያው ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። 42,000ውን ከወጪ መልሰህ ንብረት ላይ ካስቀመጥክ የዓመቱ ሪፖርት አይለይም። በየወሩ ሪፖርት ለሚያወጣ ድርጅት ግን አይሆንም። የካቲት ላይ 72,000 ተጭኖበት ኪሳራ ያሳያል፣ መጋቢት ላይ ምንም የለም፣ ባለቤቱም የካቲት ምን ሆነን ነው ብሎ ይጨነቃል። ደግሞም ሰኔ ላይ መመለሱን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። የመለሳችሁትን ሐምሌ ላይ እንደገና ወደ ወጪ ማዞሩ ከተረሳ ደግሞ 42,000ው ሌጀሩ ላይ ለዓመታት ይተኛል።

ከሐዋሳ፦ *ጳጉሜን ምን እናድርጋት? ለአሥራ ሦስት እናካፍል?*

አይ፣ ለአሥራ ሁለት። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ ያዟት፣ ደመወዝ ላይ እንደምናደርገው። በቀን የሚቆጥር ሰው ትንሽ ይለይበታል። ከየካቲት 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 150 ቀን ነው፣ 72,000ን ለ365 አካፍለህ በ150 ብታባዛ 29,589 ብር ገደማ ይመጣል። ከ30,000ው በ411 ብር ያንሳል። ለአንድ አይሱዙ ይህ የሚያጣላ ገንዘብ አይደለም። መቶ መኪና ካለህ ግን ከኦዲተርህ ጋር ቀድመህ ተነጋገርና አንዱን መንገድ ያዝ፣ ከዚያ በየዓመቱ አትቀያይር።

ሰኔ ላይ የተጨነቀ፦ *አንድ መኪና ነው ያለን። ትራያል ባላንስ ላይ በቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስ 107,000 ይላል። የዘንድሮ ክፍያ 72,000 ነው፣ የአምናው 60,000 ነበር፣ ሁለቱም ከየካቲት 1 ጀምሮ። ባንኩን ሦስቴ አየሁት፣ ልክ ነው።*

ባንኩ ልክ ስለሆነ ነው ያላገኘኸው ወንድሜ፤ ችግሩ ካልተመዘገበው ላይ ነው። አንድ መኪና ብቻ ካለህ ይህ ሒሳብ ከአንድ ዓመት አረቦን መብለጥ አይችልም። 107,000 ሲል ራሱ እየጮኸልህ ነው።

ከሌጀሩ አትነሳ፣ ከፖሊሲው ተነሳ። ሰኔ 30 ላይ ስንት ወር ቀርቶሃል? ሰባት። ሰባት በ6,000፣ 42,000። ሌጀሩ ላይ መኖር ያለበት ይኸው ብቻ ነው። 65,000 ትርፍ አለ ማለት ነው። ከየት መጣ? ከአምናው ውል ሐምሌ 1 ላይ ሰባት ወር ተሻግሯል፣ በወር 5,000፣ በድምሩ 35,000። እሱ አልወጣም። ከአዲሱ ደግሞ አምስት ወር፣ 30,000። እሱም አልወጣም። 35,000 እና 30,000፣ 65,000። ዓመቱን ሙሉ ማንም የወሩን ጆርናል አልሠራም።

የአምናው መዝጊያ 35,000 ከነበረ ሙሉው 65,000 የዘንድሮ ወጪ ነው፣ አሁን መዝግበው። የአምናው መዝጊያ ራሱ ስህተት ከነበረ ግን ያለፈው ዓመት የሆነውን ዘንድሮ ላይ አትጫን። እሱ የባለፈ ጊዜ ስህተት ነው፣ ከኦዲተሩ ጋር በተጠራቀመ ትርፍ በኩል ይስተካከላል።

እኔ በየወሩ የምይዘው አንድ ሠንጠረዥ አለ፦ የፖሊሲ ቁጥር፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ አረቦን፣ የቀረ ወር፣ የቀረ ብር። ድምሩ ከሌጀሩ ጋር ካልገጠመ ያን ወር አልዘጋም።

ከአዳማ፦ *መኪናዬ ተጋጭቶ ካሳ እየጠበቅኩ ነው። እሱም በቅድሚያ የተከፈለ ውስጥ ይገባል አይደል?*

እግዚአብሔር በሕይወት አተረፈህ። አይገባም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በቅድሚያ የተከፈለው ገና ያልተጠቀምክበት ሽፋን ነው፣ ካሳው ደግሞ ከኢንሹራንሱ የምትጠብቀው ገንዘብ። እሺ ብለው በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልህ ድረስ አትመዝግበው። ጥገና ላይ ያለ መኪና ውሉ እስካልተቋረጠ ድረስ የወሩ 6,000 መውጣቱን ይቀጥላል።

ቅድም የጠየቀችው አካውንታንት፦ *ግንቦት 30 መኪናው ቢሸጥና ውሉ ቢሰረዝስ? 48,000 ነው የቀረው፣ ኢንሹራንሱ ግን 39,000 ብቻ መለሰ ብንል።*

ጎበዝ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። መሃል ላይ ሲሰረዝ ኢንሹራንሱ የሚመልሰው በቀረው ወር ልክ ላይሆን ይችላል፣ የመሰረዣ ስሌቱ ፖሊሲው ላይ አለ። 39,000ው ባንክ ዴቢት፣ ያልተመለሰው 9,000 ወጪ ዴቢት፣ በቅድሚያ የተከፈለው 48,000 ክሬዲት። ቀሪው ዜሮ መሆን አለበት። 39,000ውን ሌላ ገቢ ብለሽ እንዳትመዘግቢ፣ የራስሽ ገንዘብ ነው የተመለሰው። ከሠንጠረዡም አውጪው፣ አለበለዚያ የተሸጠ መኪና በየወሩ 6,000 ሲያወጣ ይከርምና ሒሳቡ ክሬዲት ቀሪ ያሳያል።

ሌላ ተሳታፊ፦ *9,000ው እኮ መኪናው ስለተሸጠ የመጣ ነው። ከሽያጩ ትርፍ ላይ ነው መቀነስ ያለበት።*

ክርክርህ ይገባኛል፣ እንደዚያ የሚሠሩም አውቃለሁ። እኔ የኢንሹራንስ ወጪ ላይ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የቀረብን በኢንሹራንስ ውሉ ምክንያት ነው፣ ገዢው ደግሞ ስለዚህ ውል የሚያውቀው ነገር የለም። ኦዲተርህ የተለየ ነገር ካለህ ምክንያቱን እዚህ ጻፍልን፣ ባነበው ደስ ይለኛል።