«ሚስትህ ንቃናለች»

«ካገባሁ ሰባት ወሬ ነው። የምንኖረው አዘዞ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር በአንድ ግቢ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ የምቀዳው እኔ ነኝ። ስኒ ሳቀብል እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቴ ይግላል፤ አጎንብሼ ቀድቼ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ‹ራሴን አመመኝ› እያልኩ መቅረት ጀምሬያለሁ። አማቴ ለባለቤቴ ‹ሚስትህ ንቃናለች› አሉት፤ እሱም ተቆጣኝ። ምን ላድርግ?»
አ.፣ ከጎንደር

እህቴ፣ አማትሽ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ትርጉም ነው የተሳሳተው። ቅር ያሰኛቸው እጅሽ አይደለም። እጅሽን ለመደበቅ ስትይ ዝም ማለትሽና ጓዳ መግባትሽ ነው። ማኅበራዊ ፍርሃት እንዲህ ነው የሚሠራው። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳስረዱት፣ ፍርሃቱን ከሚያቆዩት ነገሮች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ሰው ፊት ስንሆን ትኩረታችን ሁሉ ወደ ራሳችን መዞሩና እንዳይታወቅብን የምንጠቀምባቸው መሸሸጊያዎች። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ሲቢቲ) የሚነካው እነዚህን ነው።

መጀመሪያ ደብተር ያዢ። ቡናው እንዳለቀ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ፣ የሆነውን ጻፊ። ለምሳሌ ሁኔታው «አቦል ሳቀርብ» ነው። ስሜቱ ፍርሃት ነው፤ ከመቶ 85 እንበለው። በዚያች ቅጽበት የመጣልሽ ሐሳብ «ሁሉም ‹ይቺ ልጅ በሽተኛ ናት› እያሉ ነው» ከሆነ፣ ምን ያህል እንዳመንሽው በቁጥር አስቀምጪ፤ 90 ይሁን። ቀጥሎ ሐሳቡን የሚደግፈውንና የሚቃረነውን ማስረጃ ለየብቻ ጻፊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እጄ ሲርገበገብ ተሰምቶኛል» ብለሽ በደጋፊው በኩል ትጽፊ ይሆናል፤ የተሰማሽ ግን ከውስጥ ነው፣ ሰዎቹ የሚያዩት ከውጭ ነው። ማስረጃ የሚባለው ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ነው፦ ወሬያቸውን አቋረጡ? ስለ እጅሽ ያነሳ አለ? በመጨረሻ ማስረጃው የሚፈቅደውን ሐሳብ ጻፊና እምነትሽን እንደገና ለኪው። ከ90 ወደ 65 ቢወርድ ይበቃል። ፍርሃቱን በጽሑፍ ብቻ አታሸንፊውም፤ ጽሑፉ የምንፈትነውን ሐሳብ ነጥሎ ያወጣልናል።

ፈተናው ረከቦቱ ላይ ነው። አስቀድመሽ ጓዳ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ፣ ባዶ ስኒ ባለ በሌለ ኃይልሽ ጨምቀሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ አንድ ደቂቃ ቆዪ። ከዚያ ጣቶችሽን አላልተሽ ድገሚው። የተጨመቀ እጅ የበለጠ ሲንቀጠቀጥ ራስሽ ታያለሽ።

እሑድ አቦሉን እንደወትሮሽ አቅርቢ፦ ጨብጠሽ፣ ስኒውን አጉድለሽ፣ ዓይንሽን ስኒው ላይ ተክለሽ። ቶናውን ግን ጣትሽን አላልተሽ፣ እንደ ደንቡ ሞልተሽ፣ የተቀባዩን ፊት እያየሽ፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለሽ አቀብዪ። ከዚያ በፊት ግምትሽን ሊቆጠር በሚችል መልኩ ጻፊው፦ «ቢያንስ ሦስት ሰው እጄን ትኩር ብሎ ያያል፤ አንዱ ‹ምን ሆነሻል?› ይለኛል።» «ነገሩ ይበላሻል» የሚል ግምት አይፈተንም፤ የፈለገው ነገር ቢሆን «ተበላሸ» ትያለሽና። ሲያበቃ ቁጥሩን ከሆነው ጋር አስተያዪ፣ በአቦልና በቶናው መካከል ያለውንም ልዩነት ጻፊ።

ይህ ሲለመድ በሌላ እሑድ ሆን ብለሽ ጥቂት ቡና ቄጠማው ላይ አፍስሺ፤ ማን ምን እንደሚል ስሚ። ባለቤትሽም ቤተሰቡን አስፈቅዶ ስትቀጂ በስልኩ ይቅረጽሽ። ቪዲዮውን ከማየትሽ በፊት መንቀጥቀጡ ከአሥር ስንት ሆኖ እንደሚታይ ገምቺ፤ ከዚያ እንደማታውቂያት ሴት አድርገሽ እያት።

ከዚህ በፊት የረዳኋት አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ሞክራ ፍርሃቷ ንቅንቅ አላለም። ስንመረምረው ለካ ስኒውን በሁለት እጇ ነበር የምታቀብለው። በሁለት እጅ መስጠት ለእኛ አክብሮት ስለሆነ፣ መሸሸጊያ መሆኑን እሷም አልጠረጠረችም። «ያልተዋረድኩት ደግፌ ስለያዝኩት ነው» የሚል ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ቀርቶባት ነበር። በአንድ እጅ ስታቀብል ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። አንቺም ግምትሽ ሳይደርስ ቀርቶ ፍርሃቱ ካልቀነሰ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጊ። ባለቤትሽን «ተንቀጠቀጥኩ እንዴ?» እያሉ መጠየቅም ከዚሁ ይቆጠራል።

ብቻሽን ስትሆኚም እጅሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ልብሽ የሚመታና የምትከሺ ከሆነ ግን ቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ተመርመሪ። ሕክምናውን ከባለሙያ ጋር ካደረግሽው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ከቤት መውጣት እስክትተዪ ከደረስሽ ወይም ሕይወትሽን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ብቻሽን አትሞክሪው፤ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂጂ።

አማትሽን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ ባለበት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት «እማማ፣ ሰው ሲበዛ እደነግጣለሁ እንጂ ንቄ አይደለም» በያቸው። ከመናገርሽ በፊት ግን ምን እንደሚመልሱልሽ የምትገምቺውን ደብተሩ ላይ ጻፊው።