በካሬ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መስክ መቼ ዜሮ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፍኖተ ሰላም የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካሬ አራት ማዕዘኖች ላይ 2 ማይክሮ ኩሎምብ የሆኑ ቻርጆች ተቀምጠዋል፤ የላይኞቹ ሁለቱ ፖዘቲቭ፣ የታችኞቹ ሁለቱ ኔጋቲቭ ናቸው። በመካከሉ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ስሠራ 3.6 × 10⁶ ኒውተን በኩሎምብ አገኘሁ። ጓደኛዬ ግን «ካሬው ሲሜትሪ አለው፣ የቻርጆቹም ድምር ዜሮ ስለሆነ መልሱ ዜሮ ነው» ይለኛል። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልደረሳችሁበትም፤ ስህተታችሁ ግን የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ላስረዳ። በደብረ ማርቆስ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ዓይነት ጥያቄ የያዘ ተማሪ ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው ቁጥሩን ሳይሆን ሥዕሉን ነው፤ በካሬው መካከል አራት ቀስቶች ያልሣለ ተማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በስሌቱ ሳይሆን በአቅጣጫው ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። ከማዕዘን እስከ መካከል ያለው ርቀት የዲያጎናሉ ግማሽ ነው። ጎኑ 0.2 ሜትር ከሆነ የዚህ ርቀት ካሬ የጎኑ ካሬ ግማሽ፣ ማለትም 0.02 ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ሥር ማውጣት ሳያስፈልግህ በቀጥታ ወደ ቀመሩ ትገባለህ።

```
E = kq/r² = (9×10⁹)(2×10⁻⁶)/0.02 = 9×10⁵ N/C
```

አንተ ይህን በትክክል ሠርተሃል፤ 3.6 × 10⁶ የዚህ ቁጥር አራት እጥፍ መሆኑን አይቼ ነው የማውቀው። ብዙ ተማሪ ግን እዚህ ላይ የጎኑን ሙሉ ርዝመት ወይም ግማሹን በርቀት ቦታ ያስገባል። ሙሉውን ያስገባ መልሱ ከትክክለኛው ልክ በግማሽ ያንሳል፣ ግማሹን ያስገባ ደግሞ ልክ እጥፍ ያገኛል፤ ስለዚህ መልስህ ከመልስ መስጫው በሁለት እጥፍ ወይም በግማሽ ብቻ የሚለይ ከሆነ መጀመሪያ ርቀቱን መርምር።

የአንተ ስህተት የመጣው አራቱን መጠኖች እንደ ብር ስለደመርካቸው ነው። ማዕዘኖቹን ከላይ ከግራ ጀምረን በቀኝ በኩል እየዞርን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። የኤሌክትሪክ መስክ አቅጣጫ መካከሉ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ፖዘቲቭ መፈተኛ ቻርጅ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሀ ፖዘቲቭ ስለሆነ መፈተኛውን ወደ ሐ ይገፋዋል፤ ሐ ኔጋቲቭ ስለሆነ ወደ ራሱ፣ ማለትም እንደገና ወደ ሐ ይስበዋል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ መደመራቸው ትክክል ነው፣ 1.8 × 10⁶ ይሰጣሉ። በሌላው ዲያጎናል ላይም ለ ሲገፋ መ ይስባል፤ ይህም ወደ መ የሚያመለክት 1.8 × 10⁶ ነው። አሁን በእጅህ ያሉት ሁለት ቀስቶች በ90 ዲግሪ የሚቆራረጡ ናቸው፤ አንዱ ወደ ታች ቀኝ፣ ሌላው ወደ ታች ግራ ይመለከታል። ስለዚህ ድምራቸው በፒታጎረስ ይወጣል፦

```
E = √2 × 1.8×10⁶ ≈ 2.55×10⁶ N/C
```

አቅጣጫው ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ኔጋቲቮቹ ጎን ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ አራቱን ቀስቶች ወደ አግድምና ወደ ቁም ክፈላቸው፤ የአግድሞቹ ተጣፍተው፣ የቁሞቹ እያንዳንዳቸው 6.36 × 10⁵ ሆነው አራቱ ሲደመሩ ያው ቁጥር ይመጣል።

ወደ ጓደኛህ ልመለስ። ሲሜትሪ የሚለውን ቃል ማንሳቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሲሜትሪ ሊኖረው የሚገባው ባዶው ካሬ ሳይሆን ቻርጅ የያዘው ካሬ ነው። ይህን በወረቀት መሞከር ይቻላል። ካሬውን ከነምልክቶቹ ሥለህ ወረቀቱን በመካከሉ ላይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 180 ዲግሪ አዙረው። ሥዕሉ ከመዞሩ በፊት የነበረውን ከመሰለ መስኩ የግድ ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም ቀስቱ አብሮ ዞሮ ተቃራኒውን ሲያመለክት ሥዕሉ ግን ስላልተለወጠ፣ መስኩ ከራሱ ተቃራኒ ጋር እኩል መሆን ይኖርበታል፤ ይህን የሚያሟላ ቬክተር ደግሞ ዜሮ ብቻ ነው። አራቱም ፖዘቲቭ ቢሆኑ፣ ወይም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እየተፈራረቁ ቢቀመጡ ሥዕሉ ዞሮ ያው ይሆናል፣ መስኩም ዜሮ ይሆናል። በአንተ ጥያቄ ግን ወረቀቱ ሲዞር ፖዘቲቮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ፈተናውን አያልፍም።

የቻርጆች ድምር ዜሮ መሆንም ለመስኩ ማስረጃ አይሆንም። በአንተ ጥያቄ ድምሩ ዜሮ ሆኖ መስኩ አለ፤ አራቱም ፖዘቲቭ ሲሆኑ ደግሞ ድምሩ 8 ማይክሮ ኩሎምብ ሆኖ መስኩ የለም። በመካከሉ ዜሮ የሚሆነው ፖቴንሺያሉ ነው፤ እርሱ አቅጣጫ ስለሌለው አራቱም ቻርጆች እኩል ርቀት ላይ እስካሉ ድረስ ድምራቸውን ብቻ ይከተላል። ጓደኛህ ሁለቱን አደባልቋቸው ይሆናል።

ቻርጆቹ እኩል ባይሆኑስ? ታጥቦ የወጣ ጋቢ አራት ሰዎች በአራት ጫፉ ይዘው ሲወጥሩት አስብ። ፊት ለፊት ያሉት እኩል ከጎተቱ የአንዱን ጉልበት የሌላው ያጠፋዋል፤ ጋቢውን የሚያንቀሳቅሰው ትርፉ ብቻ ነው። በካሬውም እንዲሁ በየዲያጎናሉ አንዱን ቻርጅ ከፊት ለፊቱ ካለው መቀነስ ይበቃል። ለምሳሌ በሀ ላይ 5፣ በሌሎቹ በሦስቱ ላይ 2 ማይክሮ ኩሎምብ ቢኖር፣ በለመ ላይ ምንም አይተርፍም፤ በሀሐ ላይ ግን 3 ይተርፋል። ስለዚህ በሀ ላይ 3 ማይክሮ ኩሎምብ ብቻ እንዳለ ቆጥረህ 1.35 × 10⁶ ኒውተን በኩሎምብ፣ አቅጣጫው ወደ ሐ ብለህ በአንድ መስመር ትጨርሳለህ።

በነገራችን ላይ የጥያቄህ ቁጥሮች የወረቀት ቁጥሮች ናቸው። ደረቅ አየር 3 × 10⁶ ገደማ ላይ ብልጭታ ይጀምራል፤ 2 ማይክሮ ኩሎምብ በትንሽ ኳስ ላይ ለማስቀመጥ ብትሞክር፣ የኳሱ ራዲየስ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ካልቀረበ ቻርጁ በአየር ውስጥ ያመልጥሃል። በጎጃም ክረምት ደግሞ ዕቃው ሁሉ እርጥበት ስለሚለብስ ጥቂት ናኖ ኩሎምብ እንኳ ለማቆየት ይቸግራል፤ እንዲህ ያለውን ሙከራ የምናሳየው በበጋ ነው።

ይህ ሁሉ አቋራጭ የሚሠራው በመካከሉ ላይ ብቻ ነው። አራቱም ቻርጆች 2 ማይክሮ ኩሎምብ ፖዘቲቭ ይሁኑና መፈተኛውን ከመካከሉ ወደ ላይኛው ጎን አጋማሽ አንሣው። የላይኞቹ ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚገፉት ይጣፋሉ፤ የታችኞቹ ግን አሁን 22.4 ሴንቲ ሜትር ርቀው በአግድም ይጣፉና በቁም ይደመራሉ። የእያንዳንዳቸው መስክ 3.6 × 10⁵ ነው፤ የቁም ድርሻቸው በ0.894 ሲባዛና ሁለቱ ሲደመሩ ወደ ላይ የሚያመለክት 6.4 × 10⁵ ኒውተን በኩሎምብ ይወጣል።